አሳ ስቤ፣ አሳስቤ፦ የቃል ግጥምን ድርብ ፍቺ ለጥናት ጽሑፍ መመርመር

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን በጋምቤላም ሆነ በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ለምትማሩ የተሰናዳ ነው። ትምህርቱን ከጨረሰ የቆየ ሰው ቢያዳምጠውም አይከፋም። ግጥም ሰምቶ "ይቺ ነገር ሌላ ፍቺ አላት" ያላለ ኢትዮጵያዊ መቼም አይገኝም።

መምህራችሁ "ከአካባቢያችሁ የቃል ግጥም አምጡ፤ በውስጡ ያለውን ድርብ ፍቺ ተንትናችሁ ጻፉ" ይላሉ። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ተማሪ የሚጽፈው ነገር ተመሳሳይ ነው። ስለ ሰምና ወርቅ ምንነት ገጽ ተኩል ያትታል፤ ከዚያ ግጥሙን ይገለብጣል፤ በመጨረሻም "ሰሙ እንዲህ ነው፣ ወርቁ እንዲህ ነው" ብሎ ይዘጋል። ይህ ለእኔ ገና ያልተጀመረ ጽሑፍ ነው። ወርቁ ያ መሆኑን በምን አወቅክ? ሌላ ሰው ሦስተኛ ፍቺ ይዞ ቢመጣ በምን ትመልሰዋለህ? ጥናት የሚባለው ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚመጣው ነው። እንግዲህ ዛሬ አንዲት ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም ይዘን፣ ፍቺዎቿን አንድ በአንድ እየፈተንን እንሄዳለን።

ግጥሟን ለዚህ ዝግጅት የገጠምኳት እኔ ነኝ፤ ከሕዝብ የተቀዳች አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እናንተ በጽሑፋችሁ የምታቀርቡት ግጥም ከሰው አፍ የቀዳችሁት መሆን ስላለበት ነው። የኔዋ ለመለማመጃ ብቻ ናት። እንበልና በጋምቤላ ከተማ አንድ ወጣት ሲመሽ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ በአማርኛ ይጫወታል። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ አኙዋኩም፣ ኑዌሩም፣ ከደጋ የወረደውም በገበያ የሚገናኝበት ቋንቋ እሱ ነውና ግጥሙ በአማርኛ መሆኑ የሚገርም አይደለም። ወጣቱ እንዲህ ይላል፦

ቀኑን ሙሉ ውዬ ከባሮ ዳርቻ፣
እናቴን አሳስቤ አበላኋት ብቻ።

ደግሜ ልበላችሁ፤ አሁን ጆሯችሁን ሁለተኛው ስንኝ መካከል ላይ አድርጉ።

ቀኑን ሙሉ ውዬ ከባሮ ዳርቻ፣
እናቴን አሳስቤ አበላኋት ብቻ።

ሁለቱን ፍቺዎች ብዙዎቻችሁ አግኝታችኋቸዋል። በአንደኛው ልጁ ባሮ ዳር ውሎ ዓሣ ስቦ ያወጣል፤ ማታ እናቱን ያበላል። በሌላው ያው ልጅ ቀኑን ሙሉ ወንዝ ዳር በመዋሉ እናቱ ስትጨነቅ ትውላለች፤ አሳስቧት ኖሮ ማታ የሚያበላት ያንኑ ጭንቀት ያስገኘውን እራት ነው። ባሮ አዞ ያለበት ወንዝ ነው፤ በክረምትም ሞልቶ ይጋልባል፤ እናት ብትሰጋ ምክንያት አላት። የመጀመሪያው ሰሙ፣ ሁለተኛው ወርቁ ነው። ሁለቱን ፍቺዎች የተሸከመችው "አሳስቤ" የምትለዋ ደግሞ ኅብረ ቃል ትባላለች።

እዚህ ላይ የስያሜ ነገር አለ፤ ፈታኝ መምህር ቶሎ የሚያየውም እሱን ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ድርብ ፍቺ ያለውን ሁሉ "ሰምና ወርቅ" እንላለን፤ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍም ርዕሱ ይኸው ሆኖ ቃሉ በዓለም ዘንድ ታወቀ። የቅኔ ቤት ሰዎች ግን ይለያሉ። ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን በየራሳቸው ቃል ተነግረው ሲነጻጸሩ ሰምና ወርቅ ይሉታል። አንዲት ቃል ብቻዋን ሁለቱን ስትሸከም ኅብር ይሉታል። ወርቁን የሚጠቁም ቃል ሳይኖር ነገሩ ሁሉ በጥቅሉ ወደ ሌላ ጉዳይ ሲያመለክት ደግሞ ውስጠ ወይራ ነው፤ ላይ ላዩን ሌላ እንጨት መስሎ ውስጡ ወይራ እንደሆነ በትር ማለታቸው ነው። የእኛዋ ግጥም እንግዲህ በቅኔ ቤቱ አነጋገር ኅብር ናት። በጽሑፋችሁ ውስጥ የትኛውን አጠቃቀም እንደመረጣችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩና እለፉ። ገጽ ተኩሉን ለትንተናው አስቀሩት።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

የመጀመሪያው ፈተና የድምፅ ነው። ስልካችሁ ላይ የቀዳችሁትን ድምፅ ከፍታችሁ ኅብረ ቃሏን ደጋግማችሁ አዳምጡ። "ዓሣ ስቤ" ስንል "ሳ"ን ተከትላ የምትመጣው "ስ" ላልታ ትነገራለች። "አሳስቤ" ብለን ጭንቀቱን ስንናገር ግን ያቺው "ስ" ትጠብቃለች። የመጨረሻዋ "ቤ" በሁለቱም ትላላለች፤ ስለዚህ ልዩነቱ ያለው በአንዲት ፊደል መጥበቅና መላላት ላይ ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ማጥበቅንና ማላላትን ለይቶ አያሳይም። በወረቀት ላይ አንድ የሚመስሉት ቃላት በአፍ ላይ ሁለት ናቸው።

ታዲያ ገጣሚው አንዱን ሳይመርጥ እንዴት ሁለቱንም ይላል? በዜማ ነው። ሲያንጎራጉር "ሳ" ላይ ቆየት ይልና "ስ"ን ሳያጠብቅም ሳያላላም ያሳልፋታል፤ አድማጩ ደስ ያለውን ይሰማል። በተራ ንግግር ግን ወደ አንዱ ማጋደል ግድ ነው። በመሆኑም የቀዳችሁት ሰው ግጥሙን በዜማ ነው ያለው ወይስ በንባብ የሚለው በማስታወሻችሁ ላይ መስፈር አለበት። በዜማ ሲባል ሁለት ፍቺ የነበረው ግጥም በንባብ ሲባል አንድ ብቻ ሊቀረው ይችላል፤ ይህ ልዩነት ብቻውን አንድ አንቀጽ ያጽፋል።

ከድምፁ ጋር የሚሄድ የአጻጻፍ ወጥመድም አለ፤ ብዙ ጥሩ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ነው። ግጥሙን ስትገለብጡ "ዓሣ ስቤ" ብላችሁ በዓይኑ "ዓ" እና በንጉሡ "ሣ" ከጻፋችሁ፣ ቃሉንም ከፍላችሁ ካስቀመጣችሁ፣ ወርቁን በገዛ እጃችሁ አጥፍታችኋል። አንባቢው ጭንቀቱን የሚያይበት ቀዳዳ የለውም። "አሳስቤ" ብላችሁ ገጥማችሁ ብትጽፉት ደግሞ ዓሣው ይጠፋል። እኔ በዚህ ዝግጅት ጽሑፍ ላይ ገጥሜ የጻፍኩት አማራጭ ስለሌለኝ ነው። እናንተ ግን ግጥሙን እንዲህ ገጥማችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ ወዲያው ከሥሩ ሁለቱን አከፋፈል ለየብቻ ጻፉ፤ የምትጠብቀዋ ፊደል ላይም ነጥብ አድርጉባት። ከመጻሕፍት የምትወስዱትም የቃል ግጥም ቢሆን ሰብሳቢው በመረጠው አጻጻፍ አንዱን ፍቺ ቀብሮት ሊሆን ስለሚችል ከማመናችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ምቱንም እንቁጠር። ይህ ግጥም በወል ቤት የተገጠመ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት። "ቀኑን ሙሉ ውዬ" ስድስት፣ "ከባሮ ዳርቻ" ስድስት። "አበላኋት ብቻ"ም ስድስት ነው። "እናቴን አሳስቤ" ግን ሲቆጠር ሰባት ይሆናል። ስሕተት ይመስላል፤ ሲነገር ግን "ዳርቻ" በአናባቢ ስላለቀ የተከታዩ ቃል መነሻ "እ" ትዋጣለች፤ ጆሮ የሚሰማው "ናቴን አሳስቤ" ነው፤ ስድስት ሆነ። የቃል ግጥምን ቀለም በዓይን ከቆጠራችሁ ገጣሚውን ያለ ጥፋቱ ትከሳላችሁ። ለፍቺው ጉዳይ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው። ኅብረ ቃሏ የሐረጉ ማብቂያ ላይ፣ ልክ ዕረፍቱ ዘንድ ተቀምጣለች። ከእሷ ቀጥሎ ትንፋሽ አለ። አድማጩ ሁለቱን ፍቺ የሚያመዛዝንበት ጊዜ ያገኘው በዚያች ትንፋሽ ነው። "አሳስቤ"ን ከስንኙ መነሻ ላይ ብናስቀምጣት ቀጣዩ ቃል ይቸኩልባትና ትድበሰበስ ነበር።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ሁለተኛው ፈተና ሰዋስው ነው፤ በጽሑፋችሁ ላይ ከሁሉ የበለጠ ክብደት የሚኖረውም ይኸው ይመስለኛል። ድርብ ፍቺ አለ የሚባለው ሁለቱም ፍቺ ስንኙን ከዳር እስከ ዳር ይዞ ሲሄድ ነው። ቃሏ ብቻዋን ሁለት ትርጉም ቢኖራትና አንዱ ከቀረው ዓረፍተ ነገር ጋር ቢጋጭ ያ ወርቅ አይባልም።

"እናቴን" የሚለውን እንመልከት። መጨረሻው ላይ "ን" አለች፤ ተሳቢ ነው። በሰሙ "እናቴን" የማን ተሳቢ ነው? የ"አበላኋት"። "ዓሣ ስቤ" መካከል ላይ ገብቶ ነው እንጂ ዓረፍተ ነገሩ "እናቴን አበላኋት" ነው። በወርቁ ደግሞ "እናቴን" መጀመሪያ የ"አሳስቤ" ተሳቢ ይሆናል፤ "እናቴን አሳስቤ"፤ ከዚያ ማሰሪያው "አበላኋት" ሲመጣ እሷኑ ይጠቅሳል። ሁለቱም ይሄዳሉ፤ ምንም የሚጎድል ፊደል የለም። አሁን ገጣሚው "ለእናቴ" ብሎ ቢሆን ኖሮስ? "ለእናቴ ዓሣ ስቤ" ያስኬዳል፤ "ለእናቴ አሳስቤ" ግን በአማርኛ ጭንቀትን አይሰጥም፤ ወርቁ እዚያው ይወድቃል። አያችሁ፤ ግጥሙን ድርብ ያደረጋት ኅብረ ቃሏ ብቻ አይደለችም፤ ከ"እናቴ" ጫፍ ላይ የተቀመጠችው "ን" ጭምር ናት። በጽሑፋችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ሙከራ አድርጉ፤ አንዲት ምዕላድ ለውጡና ፍቺው ይቆም ወይም ይወድቅ እንደሆነ አሳዩ።

አሁን ደግሞ ንቁ አድማጭ የሚያነሳው ጥያቄ አለ። "ዓሣ ይጠመዳል፣ ይሰገራል፣ ይያዛል፤ ይሳባል ወይ?" መረብ ይሳባል፤ በመንጠቆ የተያዘ ዓሣም ይሳባል፤ ነገር ግን እውነት ነው፣ መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው "ሳበ" አይደለም። ይህን በጽሑፋችሁ እንደ ጉድለት አትደብቁት፤ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ሰሙ ላይ ቃሉ ጥቂት ሻከር ሲል፣ ተራ ሰው የማይመርጠው ግሥ ሲገባ፣ ገጣሚው ለሌላ ፍቺ ሲል እንደከፈለው ዋጋ ቁጠሩት። ኅብረ ቃል የሚፈለገው እንዲያ ባለ ቦታ ነው። ሰሙ ፍጹም ለስላሳ በሆነበት ግጥም ውስጥ ወርቅ ፍለጋ ብዙ የሚንገላታ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የራሱን ምኞት ነው።

ምኞት ካልኩ አይቀር፣ አንድ የሐሰት ወርቅ እንፈትን። "ከባሮ ዳርቻ" የሚለውን የሰማ ተማሪ "ከበሮም አለበት! ወጣቱ ከበሮ ዳር ውሏል፤ ሲጨፍር ነው የዋለው፤ እናቱ ያሰበችውም ለዚህ ነው" ሊል ይችላል። ደስ የሚል ግኝት ይመስላል፤ ጭፈራው ከጭንቀቱ ጋርም ይገጥማል። ግን በድምፅ ፈተና ይወድቃል። "ባ" እና "በ" በአማርኛ ሁለት የተለያዩ አናባቢዎች ናቸው፤ "ባላ"ን እና "በላ"ን የሚያሳስት አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ዜማም ቢያንዛዛው አንዱን ወደ ሌላው አይለውጠውም። በሰዋስውም ይወድቃል፤ "ከባሮ" ውስጥ ያለችው "ከ" ከ"ከበሮ" የመጀመሪያ ፊደል ጋር ስለተቆጠረች ስሙ መስተዋድዱን ያጣል፤ "ቀኑን ሙሉ ውዬ ከበሮ ዳርቻ" ብሎ የሚናገር ሰው የለም። ስለዚህ ይህ የድምፅ መቀራረብ ነው፤ ኅብር አይደለም። ሆኖም ሙሉ በሙሉ አትጣሉት። በጽሑፋችሁ "ተቀራራቢ ድምፅ የሚፈጥረው ማስታወስ" ብላችሁ በአንድ መስመር ልትመዘግቡት ትችላላችሁ፤ ፍቺ ነው ብላችሁ ግን አትከራከሩለት።

ሦስተኛ ፍቺ ይዞ የሚመጣ ደግሞ ይኖራል። "ማሳሰብ" ማስጨነቅ ብቻ አይደለም፤ ማስታወቅ፣ ማስጠንቀቅም ነው፤ ማሳሰቢያ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ታዲያ ልጁ እናቱን አንድ ነገር አሳስቦ፣ ማለትም አስታውሶ፣ አበላት ማለት ነው? ይህ ፍቺ በድምፅ ያልፋል፤ ቃሉ ያው ነውና። በሰዋስውም ያልፋል። የሚወድቀው በሦስተኛው፣ በሁኔታው ፈተና ነው፦ ምኑን አሳሰባት? በግጥሙ ውስጥ መልስ የለም፤ የመጀመሪያው ስንኝ የሚነግረን ወንዝ ዳር ስለመዋል ነው፤ ወንዝ ዳር መዋል ስጋትን ይጠራል እንጂ ማሳሰቢያን አይጠራም። ስለዚህ "ሰዋስው ይፈቅደዋል፣ ዐውዱ ግን አይደግፈውም" ብላችሁ ትዘግቡታላችሁ። እንዲህ ያለው ፍርድ ጽሑፋችሁን አያደክመውም፤ አንባቢ ፍቺዎችን ስትጥሉ ካየ የያዛችኋቸውን ያምናችኋል።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

የመጨረሻዋን ቃል አልነካናትም፦ "ብቻ"። እሷ ላይ ያለው ነገር ከኅብር ይለያል። "አበላኋት ብቻ" ማለት "ማብላት ብቻ ነው የቻልኩት፤ ሌላ ያደረግኩላት ነገር የለም" ሊሆን ይችላል፤ ጸጸት ነው። ወይም ደግሞ "ብቻ ምንም ይሁን ምን፣ አብልቻታለሁ" እንደማለት ሊሆን ይችላል፤ እፎይታ ነው። ቃሏ አንድ ናት፤ ድምፁም አንድ ነው፤ የሚለያየው የተናጋሪው ስሜት ነው። ኅብር ላይ ገጣሚው ሁለቱንም ፍቺ ሆን ብሎ ያስቀምጣል፤ አድማጩም ሁለቱን ሲያገኝ "አገኘኋት" ብሎ ይረካል። እዚህ ግን እርካታ የለም፤ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ይህን አሻሚነት እንለዋለን፤ ከቃላት ጨዋታው ጋር አትቀላቅሉት። እኔ ይህችን ግጥም ከሁለቱ በአንዱ ፍረድ ብባል የግጥሟ ጥልቀት ያለው በኅብሯ ላይ ሳይሆን በዚች "ብቻ" ላይ ነው እላለሁ። ኅብሯን አንዴ ካገኛችኋት አለቀች፤ ልጁ ተጸጽቶ ይሁን ተደስቶ ግን እስከ መጨረሻው አናውቅም። አንድ አድማጭ ጸጸቱን፣ ሌላው እፎይታውን ሲሰማ ሁለቱንም አድማጭ ጠይቃችሁ መልሳቸውን መጻፍ ትችላላችሁ፤ አሻሚነት የሚመረመረው እንዲያ ነው።

ያው ግጥም ውስጠ ወይራ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ልጁ ዓሣ አስጋሪ ባይሆንስ? ለሥራ ሩቅ አገር ሄዶ ለእናቱ ገንዘብ ይልክ የነበረ ሰው በተመለሰ ዕለት በድግሱ ላይ ቢላት፣ በዚያ ቤት ባሮም የለም፣ መረብም የለም። ወንዙ ስደቱ፣ ዓሣው የተላከው ብር፣ እራቱ የቤቱ ኑሮ ይሆናል። ይህን ፍቺ ከግጥሙ ቃላት ብቻ ማንም አያወጣውም፤ ማስረጃው ድግሱ፣ ተናጋሪው፣ ሰሚው ነው። ለዚህ ነው ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ ከምን ቀጥሎ አለው የሚለው በማስታወሻችሁ ከግጥሙ እኩል ቦታ የሚኖረው። ሰዎቹ የሳቁበትን ወይም ዝም ያሉበትን ቦታ ጭምር ጻፉ።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ ስታቀርቡ ምን ሊመስል ይችላል? አንድ አንቀጽ ልናገር፦ "በሁለተኛው ስንኝ፣ ከዕረፍቱ በፊት ያለው ቃል ሁለት አከፋፈል ይቀበላል። 'ስ' ሲላላ 'ዓሣ ስቤ'፣ ሲጠብቅ 'አሳስቤ' ይሆናል፤ ተናጋሪው በዜማ ስላለው ልዩነቱ በቅጂው ላይ አይለይም። 'እናቴን' የሚለው ተሳቢ በመጀመሪያው አከፋፈል ከ'አበላኋት' ጋር፣ በሁለተኛው ከ'አሳስቤ' ጋር ስለሚያያዝ ሁለቱም ፍቺዎች በሰዋስው ይቆማሉ። ከ'አሰገረ' ይልቅ 'ሳበ' መመረጡ ገጣሚው ሁለተኛውን ፍቺ አስቦበት እንደነበር ያመለክታል።" ይኸው ነው። አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ሊፈተሽ የሚችል ነገር ይናገራል። ስለ አማርኛ ውበት የሚያወራ ቃል አልገባበትም።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አሁን ለጋምቤላ ተማሪ ልዩ ወደ ሆነው ጉዳይ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ የምታመጡት የቃል ግጥም በአማርኛ አይሆንም፤ የአኙዋ ወይም የኑዌር ዘፈን ነው፤ ወይም የማጃንግ። እዚህ ላይ የማየው ትልቁ ስሕተት ሰምና ወርቅ የሚለውን ቅርጽ ተሸክሞ ሄዶ በማንኛውም ዘፈን ላይ መግጠም ነው።

የኑዌርን እንውሰድ። ወጣቱ ለአካለ መጠን ሲደርስ አባቱ ሰንጋ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሰንጋ ቀለም ወይም ቀንድ የወጣ ስም ለራሱም ስም ይሆነዋል፤ እኩዮቹ በዚያ ይጠሩታል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት "ዘ ኑዌር" በተባለው መጽሐፍ በሰፊው የጻፉበት ጉዳይ ነው፤ የኑዌር ቤተሰብ ልጆች ግን ከመጽሐፍ አትጠብቁትም። የከብት ቀለም ስሞቹም ከሌላ እንስሳ ይመጣሉ፤ "ኳች" ነብር ነው፤ ነብርማ ነጠብጣብ ላለው ከብትም ይሆናል። ስለዚህ አንድ ወጣት በዘፈኑ ስለ ነጠብጣቡ ሰንጋ ቀንድ ሲያሞግስ፣ ሰንጋውም አለ፣ ወጣቱ ራሱም አለ፤ ከጀርባ ደግሞ ነብሩ አለ። ሦስት ድርብርብ ፍቺ ሆነ። ነገር ግን እዚህ ቃሉ አይከፈልም፣ አይጠብቅም፣ አይላላም። ድምፁ አንድ ሆኖ ከሰው ወደ ሰንጋ፣ ከሰንጋ ወደ አውሬ በስም ይሻገራል። ኅብረ ቃል ፈልጎ ያጣ ተማሪ "ድርብ ፍቺ የለውም" ብሎ ቢደመድም ዘፈኑን በደለው። ማስረጃውም የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ በሰዋስው ሙከራ አይገኝም። የዘፋኙ የሰንጋ ስም ማን ነው? ሰንጋው ምን ይመስል ነበር? በዘፈኑ የሚጠቀሱት ሌሎች ስሞች የሰው ናቸው ወይስ የከብት? እነዚህን የሚያውቁት ዘፋኙና እኩዮቹ ናቸው፤ ጠይቃችሁ መልሱን መመዝገብ አለባችሁ።

ይህ ማለት በእነዚህ ቋንቋዎች የድምፅ ጨዋታ የለም ማለት አይደለም። አኙዋ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ፍቺ የሚለይ ቋንቋ ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ያ ከፍታና ዝቅታ በተለመደው አጻጻፍ አይታይም። የአማርኛ ፊደል ማጥበቅን እንደሚደብቀው ማለት ነው። ስለዚህ የአኙዋ ዘፈን ስትመረምሩ ሁለት አንድ የሚመስሉ ቃላት ካገኛችሁ ከፍታቸውን ከቅጂው ላይ አዳምጣችሁ ለዩ፤ ዜማው የቃሉን ከፍታ ሲሸፍነው እንደሆነ ደግሞ ዘፋኙን ያለ ዜማ ደግመው እንዲሉላችሁ ጠይቁ። ጨዋታው በዜማው ውስጥ ብቻ ያለ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ የቃላት ጨዋታን በትርጉም ላይ አትመርምሩ። የኑዌርን ወይም የአኙዋን ዘፈን ወደ አማርኛ መልሳችሁ ከዚያ የአማርኛውን ቃል ስትከፍሉ የምታገኙት ኅብር የራሳችሁ ነው፤ ዘፋኙ አያውቀውም። ቅድም ያየነውን "ከባሮ" እና "ከበሮ" አስታውሱ። አኙዋኮች ያንን ወንዝ ኦፔኖ ይሉታል፤ በእነሱ ዘፈን ውስጥ ወንዙ ሲጠራ ከበሮ የሚመስል ድምፅ ከየት ይመጣል? የዘፈኑን ቃል በራሱ ቋንቋ አስቀምጡ፤ ከሥሩ ቃል በቃል ፍቺውን፤ ከዚያ ሥር የተቃናውን አማርኛ። ትንተናው የሚሠራው በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው፤ አማርኛው ለአንባቢ ማሳለጫ ብቻ ነው። ቋንቋውን የማትናገሩ ከሆነም የሚናገር የክፍል ጓደኛ አብሯችሁ ይሥራ፤ ስሙንም በጽሑፉ ላይ አስፍሩለት።

የዝግጅታችን ሰዓት እያለቀ ነው። ለሳምንት የምታመጡት አንድ ቅጂ ይሁን፤ ሁለት ስንኝ ቢሆን ይበቃል። የተናገረውን ሰው ፈቃድ ጠይቁ፤ ስሙ እንዲጠቀስ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ በዜማ ይሁን በንባብ ጻፉ። በመጨረሻም ትንተናችሁን ጨርሳችሁ ለመምህሩ ከማስረከባችሁ በፊት ወደ ተናጋሪው ተመለሱና ያገኛችሁትን ፍቺ አንብቡላቸው፤ "ይህን ማለትዎ ነበር?" በሏቸው። አዎ ካሉም፣ አይደለም ካሉም፣ ስቀው ዝም ካሉም መልሳቸውን እንዳለ በጽሑፋችሁ ላይ አስፍሩት።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)